የናፍጣ ዋጋን መተንበይ ትቶ ለሦስት መንገድ መዘጋጀት

አሥር ተሳቢ ያሉት አንድ ወዳጄ በተገናኘን ቁጥር «ናፍጣ ስንት ይገባል ትላለህ?» ይለኛል። ጋዜጠኛ ስለሆንኩ የማውቅ ይመስለዋል። እኔ ግን ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው ባይ ነኝ። ትክክለኛው ጥያቄ «የትኛው ነገር ቢመጣ ድርጅቴ ይወድቃል?» የሚለው ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የሼል ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ፒየር ዋክ እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በፊት ለአለቆቹ አንድ ትንበያ ሳይሆን የተለያዩ መጪ ጊዜያትን አቀረበላቸው። በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ በርሜል ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ሲጠጋ ሼል ነገሩን ቀድሞ ያሰበበት ነበር። እኛም አገር በ2012 ዓ.ም. «ንጋት» እና «ሰባራ ወንበር» የተባሉትን የፖለቲካ ሴናሪዮዎች ሰምተናል። ዘዴው ለጭነት መኪናም ይሠራል።

ለስሌት ያህል አንድ መኪና እንውሰድ። አዲስ አበባ ጅቡቲ ደርሶ መልስ 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ቢበላ 900 ሊትር ይሆናል። ናፍጣው በሊትር 100 ብር ቢሆን 90,000 ብር ማለት ነው። 400 ኩንታል በ600 ብር ሲጫን ገቢው 240,000 ብር ነው። የአበልና የመንገድ ወጪ በጉዞ 40,000፣ የባንክ ዕዳ፣ ደመወዝና ጥገና ደግሞ በወር 240,000 እንበል። በወር አራት ጉዞ ቢሠራ 200,000 ብር ይተርፋል።

የመጀመሪያውን መጪ ጊዜ «ዳገት» እንበለው። ዋጋው ቀስ እያለ፣ እየተነገረ ይወጣል። በሐምሌ 2014 ድጎማው መነሳት ሲጀምር 49 ብር ገደማ የነበረው ናፍጣ በ2017 መጀመሪያ ከ90 ብር ያለፈው በዚህ መንገድ ነው። ናፍጣ 115 ብር ቢደርስ ትርፉ ወደ 146,000 ይወርዳል። ያማል፣ ግን አይገድልም።

ሁለተኛው «ደራሽ ውሃ» ነው። የባሕረ ሰላጤው አካባቢ ይታወካል ወይም ብር በድንገት ይወድቃል፤ መንግሥትም ጭማሪውን በአንድ ሌሊት ያወርደዋል። በ150 ብር የአራት ጉዞ ትርፍ 20,000 ብቻ ይሆናል። የባሰው ግን ጥሬ ገንዘቡ ነው። ናፍጣ የሚገዛው ዛሬ ነው፣ ባለ ጭነቱ የሚከፍለው ከወር በኋላ ነው። አሥሩ መኪኖች በወር ተጨማሪ 1.8 ሚሊዮን ብር ከኪስ ይጠይቃሉ። ድርጅቱ ሒሳቡ ላይ እያተረፈ መኪናው ሊቆም ይችላል።

ሦስተኛው «ባዶ ማደያ» ነው፤ ብዙዎች የሚዘነጉትም ይህንን ነው። ዋጋው 100 ብር ላይ ይቆያል፣ ናፍጣው ግን የለም። የተተመነው ዋጋ ከማስመጫው ወጪ በታች ሲሆን ወይም ዶላር ሲጠፋ ሰልፍ ይረዝማል፣ ጀሪካን ገበያ ይወጣል። መኪናው በሰልፍ ምክንያት ከአራት ወደ ሁለት ጉዞ ቢወርድ በዚያው በ100 ብር 20,000 ብር ይከስራል። ርካሹ ናፍጣ ከውዱ የበለጠ ጎዳው ማለት ነው።

ሦስቱ የሚለያዩት በመንስኤ እንጂ በቁጥር አይደለም። ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ዋጋ ጽፎ ሴናሪዮ ሠራሁ የሚል ሰው አንድ ትንበያ ሦስት ጊዜ ነው የጻፈው፤ መጨረሻ ላይም መካከለኛውን መርጦ ይተኛል። «ባዶ ማደያ» በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ጭራሽ አይታይም።

ጥቅሙ የሚገለጠው ውሳኔ ሲመዘንበት ነው። «ናፍጣ በዚህን ያህል ሲጨምር የጭነት ዋጋው በዚህን ያህል ይጨምራል» የሚል የውል አንቀጽ ለዳገቱና ለደራሹ ውሃ ይሆናል፤ ዋጋው ሳይነቃነቅ ማደያው ሲደርቅ ግን ምንም አይፈይድም። ለዚያ የሚያስፈልገው መኪናው ለቆመበት ቀን የሚከፈል የማቆያ ክፍያ ነው። ለደራሹ ውሃ ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ ወይም ቀድሞ የተፈቀደ የባንክ ብድር። የመመለሻ ጭነት መፈለግና የጎማ ነፋስ መቆጣጠር በአብዛኛው በሦስቱም ያዋጣሉ፤ ስለዚህ ነገ ሊጀመሩ ይችላሉ።

የቀረው ምልክት መጠበቅ ነው። በባንክና በጥቁር ገበያ ምንዛሪ መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ ወይም የዓለም ዋጋ ሲወጣ የአገር ውስጡ ካልተነቃነቀ፣ የተከማቸው ነገር ወይ እንደ ደራሽ ውሃ ይፈስሳል ወይ ማደያውን ያደርቃል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ቀድሞ የሚያውቀው ሾፌሩ ነው። ወዳጄ ሾፌሮቹን በየጉዞው ማደያ ላይ ስንት ሰዓት እንደቆሙ እንዲያስመዘግባቸው ነግሬዋለሁ። ሰዓቱ ለሁለት ሳምንት በተከታታይ ከጨመረ፣ የዋጋ ማስታወቂያ ሳይጠብቅ የማቆያ ክፍያውን ይዞ ከባለ ጭነቶቹ ጋር ይቀመጥ።