«ትኖራለች» የት ያደርሳል?

በጣና ዳርቻ የተቀመጠው ተመራቂ፣ የውጭ ትምህርት ዕድሉ የተንጠለጠለበትን የእንግሊዝኛ ፈተና እየተለማመደ ነበር። «ሺ ___ ኢን ባሕር ዳር ሲንስ 2010» የሚለው ጥያቄ ላይ ደረሰ። አማርኛው «ከ2010 ጀምሮ ትኖራለች» ስለሚል «ሊቭዝ»ን መረጠ፤ ተሳሳተም። አማርኛ በአሁን ጊዜ ግሥ የሚገልጸውን፣ ትናንት ተጀምሮ እስካሁን የዘለቀ ኑሮ፣ እንግሊዝኛ «ሃዝ ሊቭድ» ይለዋል። በ«ሲንስ» ፈንታ «ኢን» ቢገባ ግን መልሱ «ሊቭድ» ይሆን ነበር።

ቀጣዩ «ባሕር ዳር ላይዝ ___ ሌክ ጣና» ነበር። የአማርኛዋን «በ» እንግሊዝኛ «ኢን»፣ «ኦን» እና «አት» ብሎ ይከፋፍላታል። «ኢን» ከተማዋን ውኃ ውስጥ ይጨምራታል፤ ዳርቻ ላይ የሚያኖራት «ኦን» ነው።

ከዚያ ወዲህ ተመራቂው ዐረፍተ ነገሩን ከመተርጎሙ በፊት የጊዜ ምልክቱን ይፈልጋል።