የመንዟ እናት እና ግማሽ ኩንታሉ መኖ

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ መንዝ ውስጥ አንዲት እናት ከአንድ ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ሁለት ግልገል ቀበሩ። ሁለቱም የተወለዱት ሌሊት ነው። ሲነጋ አንደኛው አፉ ቀዝቅዞ፣ እግሩን አጥፎ ጥጉ ላይ ተኝቶ ተገኘ። እናቲቱ በግ ጥቂት ላሰችውና ትታው ሄደች። ሁለተኛው እስከ ቀትር ቆየ። ጎረቤት ሁሉ «ውርጩ ነው የገደላቸው» አለ። መንዝ በጥር ሌሊት ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ሰው ይህ ምክንያት በቂ ነው። ባና ተደራርቦም ሰው የሚንቀጠቀጥበት አገር ነው።

የወንድማቸው ልጅ ግን አልተዋጠለትም። በሌላ ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ነው። ለጥየቃ መጥቶ በጓን ያዘና ከመጨረሻው የጎድን አጥንቷ ኋላ፣ ሽንጧ ላይ፣ እጁን በጸጉሩ ውስጥ አስገብቶ ዳሰሰ። ከዚያ የሴትዮዋን እጅ እዚያው ላይ አኖረ።

«እትዬ፣ ምን ተሰማዎት?»

«አጥንት ነዋ!»

«ውርጩማ ዘንድሮ አልመጣም። ይቺ በግ ግን ግልገሏን ያሳደገችው ከራሷ ሥጋ እየቆረሰች ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በግ የምታረግዘው አምስት ወር ያህል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጽንሱ ገና ትንሽ ስለሆነ ከእናቱ ብዙ አይጠይቅም። ግልገሉ ሲወለድ ከሚኖረው ክብደት ሁለት ሦስተኛው ወይም ከዚያ በላይ የሚጨመረው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው። ግቷም ለወተት የሚዘጋጀው በዚሁ ጊዜ ነው። ክፋቱ፣ ፍላጎቷ ጣራ ሲነካ ሆዷ ይጠብባታል፤ ማህፀኗ እየሰፋ ጨጓራዋን ይጫናል። የገብስ ገለባ ደግሞ ቦታ ይይዛል እንጂ ጉልበቱ ጥቂት ነው፤ ተፈጭቶ እስኪያልቅም ይዘገያል። ስለዚህ ሆዷ ተወጥሮ እያየናት በጓ ተርባ ትውላለች። «ጠግባ ነው የገባችው» የሚለው እረኛ አልዋሸም፤ የጠገበችው ግን ገለባ ነው።

ውርጩም ቢሆን ጥፋት የለበትም ማለት አይደለም። ግልገል ርጥብ ሆኖ ይወለዳል። ራሱን የሚያሞቅበት ትንሽ ስብ ይዞ ይመጣል፤ እሱ የሚያቆየው ለሰዓታት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ተነሥቶ እንገር መጥባት አለበት። ኪሎው ያነሰ ግልገል ስቡም ያነሰ ነው፤ ትንሽ ገላ ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል። የተራበች እናት እንገሯ ይዘገያል፤ ሲመጣም ጥቂትና እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ይሆናል። ስትወልድ ደክማ ስለምትወድቅም ግልገሏን በደንብ ሳትልስና ሳትለምደው ትተወዋለች። ጎረቤት የሚያየው የመጨረሻውን ሌሊት ብቻ ነው።

የልጁ ምክር አጭር ነበር። ወደ ሃያ አምስት ኪሎ ለምትመዝን የመንዝ በግ፣ ከግጦሹና ከገለባው በተጨማሪ፣ በቀን 300 ግራም ያህል ድብልቅ መስጠት፦ ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ፣ ቁንጥር ጨው። ፉርሽካው ጉልበት ነው፤ ፋጉሎው ለሥጋና ለእንገር። ለስድስት ሳምንት ሲሰላ ለአንዲት በግ አሥራ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ለአራት በግ ግማሽ ኩንታል ይሆናል። ሴትዮዋ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ዝም አሉ። የመኖው ብር የሚገኘው ለገና ካሰቡት ሙክት ነው፤ የሙክቱ ብር ደግሞ ደብረ ብርሃን ለሚማረው ልጃቸው የቤት ኪራይ ነበር።

«ሰው የሚቀምሰው ሳይተርፍ ለበግ ፉርሽካ!» አሉ። ሁለተኛው ሥጋታቸው ግን የዋዛ አልነበረም፦ «ግልገሉ በሆዷ ወፍሮ ምጥ ቢጠናባትስ?» በተለይ በመጀመሪያ ወላጅ፣ በትልቅ አውራ በተጠቃች ቄብ፣ ከልክ በላይ ሲቀለብ ይህ በእርግጥ ይደርሳል። ልጁም አልካደም። ለዚህ ነው ሽንጥ መዳሰስ የሚያስፈልገው። አጥንቱ እንደ መጋዝ ለሚቆረቁረው ይሰጣል፤ አጥንቱ ሥጋ ለብሶ ክብ ሆኖ ለሚዳሰሰው አይጨመርም። ከሰባት በጎች አራት ተመረጡ። ሙክቱ ኅዳር ላይ ከገናው ዋጋ ባነሰ ተሸጠ። ልጃቸው ለአንድ ወር ጓደኛው ጋር ተዳብሎ አደረ።

ታኅሣሥ 1 ቀን ተጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት 100 ግራም ብቻ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እየጨመረ። ያልለመደ ሆድ ድንገት ብዙ ቢሰጠው ይታመማል። እንዲያም ሆኖ ሁለት ስሕተት ተሠራ። አንደኛው፣ መኖው በአንድ ገንዳ ቀረበና ጉልበተኛዋ ሌሎቹን እየገፋች ብቻዋን በላችው፤ ከሲታዋ ዳር ቆማ አየች። በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ በአራት ሰባራ ድስት ለየብቻ ማቅረብ ጀመሩ። ሁለተኛው የልኬት ነው። ጣሳ ሙሉ ፉርሽካና ጣሳ ሙሉ ፋጉሎ አንድ ክብደት የላቸውም፤ ፉርሽካ ቀላል ነው። ባለሱቁ ሚዛን ላይ አንድ ጊዜ ተለክቶ ጣሳው ላይ በሚስማር ምልክት እስኪደረግ ድረስ የሚሰጠው ግምት ነበር።

ትልቁ ችግር ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ በጓ መቼ እንዳረገዘች ማንም አያውቅም። አውራው ዓመቱን ሙሉ ከመንጋው ጋር ነው። ከአራቱ አንዷ መኖ በጀመረች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወለደች፤ ግልገሉም 1.8 ኪሎ ብቻ ሆነ። የሌሎቹ ሁለቱ ግልገሎች 2.3 እና 2.4 መዘኑ። አራተኛዋ መንታ ወለደች፤ 1.9 እና 1.8። ግልገሎቹ በነጠላ ተጠቅልለው በእጅ ሚዛን ነው የተለኩት። አምስቱም ተርፈዋል። ይህ እንግዲህ የአንድ ቤት ወሬ እንጂ ሙከራ አይደለም፤ ዝናቡም ዘንድሮ ካምናው ይሻል ነበር። የመንታዎቹ እናት ግን ያለዚያ መኖ ምን ትሆን እንደነበር መገመት አያቅትም። መንታ የያዘች በግ በመጨረሻው ሳምንት ሲጎድልባት ከመንጋው ትለያለች፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ዐይኗ እያየ ግድግዳ ትገጫለች። እዚያ ከደረሰች የምትተርፈው ጥቂት ጊዜ ነው። ከጆንያው የተረፈችውን ጥቂት ድብልቅም ሴትዮዋ ከወለደች በኋላ ለእሷው ሰጧት፤ ሁለት አፍ ታጠባለችና።

ስለ በግ የሚወራው ሁሌ ስለ ሙክትና ስለ በዓል ዋጋ ነው፤ አለፍ ሲልም ስለ ተሻሻለ አውራ። የአዋሲ ድቅል አውራ ማምጣት ጥሩ ነው። ነገር ግን ትልቅ የሚያድገውን ግልገል አጥንቷ በወጣ እናት ሆድ ውስጥ አስቀምጦ ውጤት መጠበቅ ግራ ያጋባል። ፉርሽካውም ቢሆን ከዱቄት ፋብሪካው እንደወጣ የሚሄደው ወደ ደላቢውና ወደ ወተት ላሟ ነው። እርጉዟ በግ ተራ አይደርሳትም፤ ሆዷ ትልቅ ስለሆነ የጠገበች ትመስላለችና።

ዘንድሮ ሴትዮዋ አንድ ነገር ቀይረዋል። የአውራውን ደረት ቀይ አፈር በቅባት ለውሰው ይቀቡታል። ያጠቃት በግ ወገቧ ላይ ቀልቶ ይታያል፤ ቀኑን በከሰል ግድግዳው ላይ ይጽፉታል። ሒሳቡ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ቀላል ነው፤ ወሩ ሠላሳ ስለሆነ አምስት ወር መቁጠር ብቻ ነው፣ ጳጉሜን ካልገባችበት። መስከረም 10 የተጠቃችው የካቲት 10 አካባቢ ትወልዳለች፤ ድስቷ የሚወጣው ታኅሣሥ 28 ነው። ግድግዳው ላይ አሁን አምስት ቀን ተጽፏል። ከአንደኛው አጠገብ «ሽንጧ ደህና ነው፣ አይሰጣት» ይላል።