ለእማዬ 70ኛ ልደት

እማዬ የተወለደችበትን ቀን በትክክል አታውቅም። አያታችን ትነግራት የነበረው «የመስቀል ሰሞን፣ የጃንሆይ ኢዮቤልዩ ወር ሲቀረው» ብላ ነው። የንግሥናው 25ኛ ዓመት የተከበረው በጥቅምት 1948 ዓ.ም. ስለሆነ መስከረም 2018 ላይ 70 ዓመት ሞላት። ቀኑን እኛ ልጆቿ ቅዳሜ መስከረም 24 አልነው። ጾመ ጽጌ የሚገባው 26 ነው፤ እኛ ባንጾመውም ገርጂ ኮንዶሚኒየም ያሉት ጎረቤቶቿ ግማሾቹ ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ እነርሱ የማይቀምሱት ድግስ ደግሞ ለእማዬ ድግስ አይደለም።

ሦስታችን ያዋጣነው 3,000 ብር ነበር፤ እንግዶቹ 16። ምሳ ማብላት ስለማንችል ሰዓቱን ወደ 9 አደረግነው፤ ሰው በልቶ ይመጣል፤ ቡና፣ ዳቦና ፈንዲሻ ይበቃዋል። ለእማዬም መዋሸት አላስፈለገንም፤ ቅዳሜ ከሰዓት የእናቶች ጸሎት አላት።

ያስጨነቀኝ ገንዘቡ አልነበረም። በእኛ አገር አንድ አሮጊት ቤቷ ስትገባ ሳትጠራው የተሰበሰበ ሰው ካየች መጀመሪያ የምታስበው ልደት አይደለም፤ መርዶ ነው። በፊልም እንደምናየው መብራት አጥፍቶ፣ ተደብቆ በአንድ ጊዜ መጮህ ደም ግፊት ላለባት እናት አይሆንም።

ስለዚህ ከእድሩ ወንበር አልተዋስንም፤ የእድር ወንበር ደጅ ላይ ከታየ ለቅሶ ነው። ዱካና በርጩማ ከየጎረቤቱ ለቀምን። ነጠላ የለበሱትን እናቶች ደማቅ ጥለት ያለውን እንዲለብሱ ለመንናቸው፤ ደረጃው ላይም ማንም እንዳይቆም። ከሁለተኛ ፎቅ ጀምሮ ቀጤማ ጎዘጎዝን፤ የልጅ ልጆቿ አደይ አበባ ይዘው እዚያው ጠበቋት። ከሰው በፊት ቀጤማውን፣ ከአዋቂ በፊት ሕፃናቱን እንድታይ ነው። ትልቋ «እማማ፣ ልደትሽ ነው!» ብላ ሮጠችባት። እማዬ ቀጤማውን አየችና «የማን ሠርግ ነው?» አለች። ያን ጊዜ ተነፈስኩ።

ዳቦው የ4 ኪሎ ዱቄት ሁለት ድፎ ነበር። ሊጡ ሐሙስ ማታ ተቦክቶ አደረ፤ በኮባ ቅጠል የተጋገረው ዓርብ፣ ሰሚት ወንድሜ ቤት ነው። ሽታው እንዳያጋልጠን ብቻ ሳይሆን ቅዳሜ መብራት ቢጠፋ እንዳንዋረድ ጭምር ነው። ሩብ ኪሎ ቡና ለሦስቱም ዙር በቃ።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፦ እማዬን ማስቀመጥ። እንግዳ ስታይ ሲኒ ለማጠብ የምትነሣ ሴት ናት። ወጥ ቤቱን የወንድሜ ሚስት ያዘችው፤ የእማዬን የ40 ዓመት ጓደኛ ደግሞ ጎኗ አስቀመጥናት፤ ሥራዋ ክንዷን ይዞ ማውራት ብቻ ነው። ሆኖም ሁለተኛው ዙር ሲቀዳ እማዬ ቀስ ብላ ተነሣችና ረከቦቱ ጋ ደረሰች። ጓደኛዋ «ተቀመጪ፣ ዛሬ ሙሽራ ነሽ» ብላ መለሰቻት።

ጸሎት ተደርጎ እንግዶቹ ሲበተኑ ግማሽ ድፎ ቀርቶ ነበር። እማዬ ራሷ ቆራርሳ ለግቢው ጥበቃዎች ይዛላቸው ወረደች።