የብርብር ዕዳችን

ባለፈው ዓመት ተመርቀን ወደ ምዕራብ ዓባያ ስንመለስ፥ እኛ ሁለት ጓደኛሞች ሥራ አጣን። በብድር ሙዝ ገዝተን ልንነግድ ብንሞክር ጭነቱ በመንገድ በሰበሰና ከሠርን። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን በሙሉ የምናስበው ስለ ዕዳ ብቻ ሆነ።

አንድ ማታ ግን ዕዳውን በወረቀት ላይ ለያይተን ጻፍነው። የዩኒቨርሲቲው የወጪ መጋራት ዕዳ ደመወዝ ስናገኝ የሚቆረጥ ነውና ለጊዜው ወደ ጎን ተውነው። የባለሱቁ 2,000 ብር ዱቤ ወለድ የለውም፤ ከመሸሽ ይልቅ ሄደን እውነቱን ነገርነውና በወር 200 ብር እንድንከፍል ተስማማን። የቀረው የአራጣው 6,000 ብር ነበር፤ በወር 10 በመቶ ይወልዳል። እንቅልፍ የነሣን ይኸው አንዱ ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን።

በብርብር ሙዝ በመጫን ሁለታችን በወር 2,000 ብር እናገኝ ጀመር። የምንበላው ከወላጆቻችን ቤት ስለሆነ 1,600 ብሩን ለአራጣው አደረግነው። በመጀመሪያው ወር 600 ብሩ ለወለድ ሄዶ ዋናው ወደ 5,000 ወረደ። በሁለተኛው ወለዱ 500 ብቻ ስለነበር ዋናው 3,900 ሆነ። በአምስተኛው ወር ተዘጋ።

ገቢያችን ከ600 ብር ቢያንስ ኖሮ ግን ስንከፍልም ዕዳው ባደገ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ጊዜ ሳያጠፋ ዘመድ ለምኖ አራጣውን ወለድ በሌለው ብድር ይለውጥ እንላለን። ለእኛ የባለሱቁ ዕዳ ገና አላለቀም፤ ሆኖም እንተኛለን።