ያደረ መልስ

አንድን ስሌት አንዴ የሠራ ሰው ውጤቱን በማስታወሻ ጽፎ ያስቀምጣል፤ ያው ጥያቄ ሲመለስ ማስታወሻውን ይገልጣል እንጂ ስሌቱን እንደገና አይጀምርም። እ.ኤ.አ. በ1968 ዶናልድ ሚቺ የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ይህን ልማድ ለኮምፒውተር ፈንክሽኖች አስተማረ፤ የሥራው ስም ዛሬ ሜሞይዜሽን ነው። ፈንክሽኑ የተጠየቀውን ጥያቄ ቁልፍ አድርጎ መልሱን በመዝገብ ያኖራል፤ ጥያቄው ሲደገም ከመዝገቡ አንሥቶ ይሰጣል።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ላይ ነው፦ ያው ጥያቄ ምንጊዜም ያው መልስ ሊኖረው ይገባል። ቅድመ ሁኔታው ሲጓደል መዝገቡ አይቃወምም፣ ስሕተት መኖሩንም አያመለክትም፤ ያደረውን መልስ እንደ ትኩስ አድርጎ ያቀርባል። ይህ መጓደል በተግባር ምን እንደሚመስል የተማርኩት በቅዱስ ጳውሎስ ከተማ፣ በስኔሊንግ አቨኒው ላይ ካሉት ካምፓሶች በአንዱ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ ከጓደኛዬ ጋር ባሳለፍኩት አንድ ረጅም ምሽት ነው።

የሳንቲሞቹ ጥያቄ

ጓደኛዬ ለክፍል ሥራው የመረጠው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ የተወሰነ ገንዘብ በስንት ዓይነት መንገድ በሳንቲም ሊዘረዘር ይችላል? እርሱ ግን የአሜሪካንና የኢትዮጵያን ሳንቲሞች ጎን ለጎን ሊያወዳድር ፈለገ። በዚህ አገር በየዕለቱ በእጅ የሚገቡት 1፣ 5፣ 10 እና 25 ናቸው። የእኛዎቹ እነዚሁ ሆነው፣ በልጅነታችን ሽልንግ የምንለው 50 ሳንቲም ይጨመርባቸዋል። የጻፈው ፕሮግራም ይህ ነበር፦

```
coins = [1, 5, 10, 25]
memo = {}

def ways(n, i):
    if n == 0:
        return 1
    if n < 0 or i < 0:
        return 0
    if (n, i) not in memo:
        memo[(n, i)] = ways(n, i - 1) + ways(n - coins[i], i)
    return memo[(n, i)]
```

እዚህ `n` የሚዘረዘረው ገንዘብ ነው፤ `i` ደግሞ ልንጠቀምበት የተፈቀደልን የመጨረሻው ሳንቲም ተራ ቁጥር ነው፤ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ፈንክሽኑ ራሱን ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ አንዴ ትልቁን ሳንቲም ፈጽሞ ትቶ፣ አንዴ ደግሞ ከእርሱ አንዱን ከፍሎ። የሁለቱ ድምር መልሱ ነው። `memo` የተባለው ዲክሽነሪ ያንኑ ንዑስ ጥያቄ ደጋግሞ ከመሥራት ያድናል።

ለሦስት ሳምንት ያህል ፕሮግራሙ እንከን አልወጣለትም። 50 በአሜሪካ ሳንቲሞች በ49 መንገድ ይዘረዘራል፤ በኢትዮጵያዎቹ አምስት ሳንቲሞች ደግሞ በ50፣ ምክንያቱም ራሱ ሽልንጉ አንድ ተጨማሪ መንገድ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በዚያ ምሽት ግን ጓደኛዬ ሦስተኛ ረድፍ ሊጨምር አሰበ። «እኔ አዲስ አበባ ሳድግ አንዲቱ ሳንቲም በእጄ ገብታ አታውቅም፤ እስቲ እርሷን አውጥተን እንየው» አለኝ። ሊስቱን `[5, 10, 25, 50]` አደረገና በዚያው በተከፈተው መስኮት ላይ `ways(50, 3)` ብሎ ጠየቀ። መልሱ ከዓይን ጥቅሻ ቀድሞ መጣ፦ 49።

ይህ ሊሆን አይችልም። ከአምስት በታች ሳንቲም ከሌለ፣ 50ን መዘርዘር ማለት አሥር አምስቶችን በ1፣ 2፣ 5 እና 10 መዘርዘር ማለት ነው፤ ይህም በእጅ ይቆጠራል። በ1 እና በ2 ብቻ ስድስት መንገድ አለ፤ አንድ 5 ስንጨምር ሦስት፤ ሁለት 5 ስንወስድ አንድ፤ 10 ራሷ አንድ። ድምሩ 11 ነው። ሥራውን የሚያስረክበው በማግሥቱ ጠዋት ስለነበር ያስጨነቀው ሦስተኛው ረድፍ ብቻ አልነበረም። «ይህኛው ከተሳሳተ እነዚያን ሁለቱን በምን አምናቸዋለሁ?» አለ። የምሽቱ እውነተኛ ጥያቄ ይህ ነበር።

ዱካውን መከተል

መጀመሪያ የመረመርነው እንደ ልማድ ፈንክሽኑ ራሱን መጥራት የሚያቆምባቸውን ሁኔታዎች ነው። `n` ዜሮ ሲሆን 1፣ ከዜሮ ሲያንስ 0፤ ጉድለት አልነበረባቸውም። ቀጥሎ ፕሮግራሙን ዘግተን እንደገና ከፈትነውና አዲሱን ሊስት ብቻ ሰጥተን ጠየቅነው። 11 አለ። በኮዱ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ ሳትለወጥ መልሱ ከ49 ወደ 11 ተለወጠ።

ስሌቱ ቢሳሳት ኖሮ ሁልጊዜ በተሳሳተ ነበር። ሲከፈት ትክክል፣ ሲቆይ ስሕተት ከሆነ ግን ነገሩ ያለው ፕሮግራሙ ከቀድሞው ጥሪ ይዞት በቀረው ነገር ላይ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው፤ አዲሱን ሊስት አስቀድመን 11 ካገኘን በኋላ የአሜሪካውን ሊስት አስገብተን ጠየቅን። አሁን ደግሞ አሜሪካ 11 ሆነች። ቀድሞ የተጠየቀ ሁሉ ትክክል፣ ተከትሎት የመጣ ሁሉ የቀዳሚውን መልስ ወራሽ ነው። የመልሱ ትክክለኛነት በጥያቄው ተራ ላይ ከተመሠረተ ከመዝገቡ ውጭ የሚጠረጠር አይኖርም።

ከዚያም መልስ ከመዝገብ በተነሣ ቁጥር ቁልፉን የሚያሳይ አንድ የ`print` መስመር አስገብተን የመጀመሪያውን ቅደም ተከተል ደገምነው። አዲሱ ሊስት ሲጠየቅ በስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቻ ታየ፦ `(50, 3)`። ፈንክሽኑ አንድም ሳንቲም አልቆጠረም፤ ሊስቱንም አልተመለከተም። «ሃምሳ፣ ተራ ቁጥር ሦስት» የሚል ጥያቄ ቀርቦለት፣ በዚያ ስም የተጻፈውን አነበበ። በአሜሪካው ሊስት ተራ ቁጥር ሦስት 25 ነው፤ በአዲሱ 50 ነው። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ደብዳቤ እንደሚቀያየርባቸው ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል በሆነ ነበር፤ የተደጋገመው ጥያቄ ብቻ ይበላሻል እንል ነበር። ጓደኛዬ ግን በዚያው መስኮት ላይ ከዚህ በፊት ያልተጠየቀውን 60 ሞከረ። ትክክለኛው መልስ 15 ነው፤ በአሜሪካ ሳንቲሞች ቢሆን 73 ይሆን ነበር። ፕሮግራሙ የሰጠን 28 ነው፤ የማንኛውም አገር ገንዘብ ያልሆነ ቁጥር። 60 ራሱ በመዝገቡ ውስጥ ስላልነበረ ፈንክሽኑ ስሌቱን በአዲሶቹ ሳንቲሞች ጀመረ፤ ወደ ታች ሲወርድ ግን ከአሜሪካው ሊስት የቀሩ ንዑስ መልሶችን አገኘ። ለምሳሌ 35ን በ5 እና በ10 ለመዘርዘር አራት መንገድ ሲኖር፣ መዝገቡ በ1 እና በ5 የተሠራውን 8 ሰጠው። ራሱን የሚጠራ ፈንክሽን ያደረ መልስን እንዲህ ከትኩሱ ጋር ያቦካዋል። ከእንዲህ ዓይነቱ ድምር ውስጥ የትኛው ክፍል ያረጀ እንደሆነ ውጤቱን አይቶ መለየት አይቻልም።

ሦስቱ ሳምንታት ለምን አልተሳሳቱም?

ይቀር የነበረው የጓደኛዬ ጭንቀት ነው። በእነዚያ ሦስት ሳምንታትም ሁለቱን ሊስቶች ያለማቋረጥ ያቀያይር ነበር፤ ታዲያ ያኔ ለምን አልተበላሸም?

መልሱ በሳንቲሞቹ አሰላለፍ ውስጥ ተገኘ። `ways(n, i)` የሚመለከተው ከዜሮ እስከ `i` ያሉትን ሳንቲሞች ብቻ ነው። የአሜሪካው ሊስትና ባለ አምስቱ የኢትዮጵያ ሊስት የመጀመሪያ አራት ሳንቲሞቻቸው በቁጥርም በቅደም ተከተልም አንድ ናቸው። ስለዚህ በአሜሪካው ሊስት የተሞላ `(50, 3)` ለኢትዮጵያውም እውነት ነው፤ 50 የተባለውም 49 ላይ አንድ ተጨምሮ በትክክል የተገኘ ነው። ሁለቱ ረድፎች የሚጣሉ አልነበሩም፤ እንዳሉ ቀረቡ። ሳንቲሞቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሯቸው ቢሆን ኖሮ ግን ተራ ቁጥር ዜሮ በአንዱ 25፣ በሌላው 50 ይሆንና ስሕተቱ በመጀመሪያው ቀን ይወጣ ነበር።

ፕሮግራሙ ትክክል የነበረው ቁልፉ ሙሉ ስለሆነ አልነበረም። ከቁልፉ የጎደለው ነገር በአጋጣሚ ስላልተለወጠ ነው። ሙከራዎቹ ሁሉ ያለፉት ይህን ልዩነት ሊያሳይ የሚችል ግብዓት ስላልነበራቸው ነው።

ቁልፉን መሙላት

ስለ መፍትሔው ተከራክረናል። እርሱ ሊስቱ በተለወጠ ቁጥር `memo.clear()` ይበቃል አለ። ይሠራል፤ ነገር ግን ሊስቱን የሚለውጥ ሰው ሁሉ ይህን መስመር እስካልረሳ ድረስ ነው። የረሳ ዕለት ፕሮግራሙ አያስጠነቅቀውም። እኔ ያዘነበልኩት መልሱ የሚመካበትን ሁሉ ወደ ቁልፉ ወደ ማስገባት ነው። ሳንቲሞቹን ለፈንክሽኑ በግልጽ አቀብለን በቁልፉ ውስጥ ስናስገባ ፓይተን `TypeError: unhashable type: 'list'` ብሎ አቆመን። ክልከላው ምክንያት አለው፤ ሊስት ከተመዘገበ በኋላ ይዘቱ ሊለወጥ ይችላል፣ የሚለወጥ ነገር ደግሞ ቁልፍ አይሆንም። በማይለወጠው ተፕል ተካነው፦

```
key = (coins[:i + 1], n)
```

በዚህ መስመር ሊስቱን በሙሉ አላስገባንም፤ ፈንክሽኑ የሚመለከታቸውን ሳንቲሞች ብቻ ነው ያስገባነው። ሁሉንም ብናስገባ መልሱ ትክክል ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለቱ አገሮች በእውነት የሚጋሩት ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል። የጠበበ ቁልፍ ያሳስታል፣ ያለልክ የሰፋ ቁልፍ ያባክናል። ተራ ቁጥሩም ከቁልፉ ወጣ፤ ሳንቲሞቹ ራሳቸው ከተጠቀሱ ቁጥሩ የሚነግረን አዲስ ነገር የለም። ሦስቱን ሊስቶች በማንኛውም ቅደም ተከተል ብንጠይቅ 49፣ 50 እና 11 ሳይዛነፉ መጡ፤ 60ም 15 ሆነ።

ያደረ መልስ ሲባል ጥፋቱን በጊዜ ላይ የማላከክ ዝንባሌ አለ፤ መዝገቡ አረጀ፣ ይጽዳ እንላለን። በሳንቲሞቹ ላይ ያየነው ግን ሌላ ነው። በመዝገቡ ውስጥ የነበረው 49 አላረጀም፤ ለተጠየቀበት ጥያቄ ዛሬም ትክክለኛ መልስ ነው። የጎደለው የጥያቄው ስም ነበር። «ሃምሳ፣ ተራ ቁጥር ሦስት» ሙሉ ጥያቄ አይደለም፤ «ሃምሳ፣ በአምስት፣ በአሥር፣ በሃያ አምስትና በሃምሳ» ግን ሙሉ ነው።