ምንባቡን ሳታነብ ሰባት ያገኘችው ልጅ

የአንብቦ መረዳት ጥያቄ ሳወጣ መጀመሪያ የምሞክረው ምንባቡን ባላየ ሰው ላይ ነው። ምንባቡን ደብቄ ጥያቄዎቹን ብቻ እሰጠዋለሁ። አራት አማራጭ ካላቸው አስር ጥያቄዎች በግምት ሁለት ወይም ሦስት ቢያገኝ ያለ ነው። ሰባት ካገኘ ግን ወረቀቱ ንባብን አይለካም።

አንድ ባልደረባዬ ለሰባተኛ ክፍል ስለ ዓድዋ ምንባብ አዘጋጅቶ አሳየኝ። «ጦርነቱ በስንት ዓመተ ምሕረት ተካሄደ?» «በውጫሌ ውል ያጣላው የትኛው አንቀጽ ነው?» ይላል። 1888 እና 17 ለማለት ማንበብ ለምን ያስፈልጋል? ጎረቤት ያለች ተማሪ ምንባቡን ሳታይ ሰባቱን መለሰች። ሁለቱን ያገኘችው እንዲያውም ረጅሙን አማራጭ በመምረጥ ብቻ ነው (መምህራን ትክክለኛውን መልስ ማብራራት ስለምንወድ እሱ ይረዝማል)። በታሪክ ፈተናነቱ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ፣ ማንበብ የሚያቅተው ልጅ በዚህ ወረቀት «ደህና ነው» ተብሎ ያልፋል፤ የሚያግዘውም አይኖርም።

እኔ አጭርና ማንም አስቀድሞ የማያውቀውን ታሪክ ራሴ እጽፋለሁ። ለምሳሌ፦

«አልማዝ ሦስት ዶሮ ይዛ ገበያ ወጣች። ሁለቱን ሸጠች። ለሦስተኛዋ የቀረበላት ዋጋ ስላላረካት ይዛት ተመለሰች። እናቷ ዶሮዋን ሲያዩ ‹እሰይ! ነገ እንግዳ አለብን› አሉ።»

«አልማዝ ስንት ዶሮ ሸጠች?» ብዬ ብጠይቅ ልጁ «ሸጠች» የሚለውን ቃል በዓይኑ ፈልጎ ከፊቱ ያለውን ይገለብጣል። ለማሟሟቂያ አንድ እንዲህ ያለ ይበቃል። ዋናው ጥያቄዬ «እናቷ ለምን ደስ አላቸው?» የሚለው ነው። መልሱ በየትኛውም ዓረፍተ ነገር አልተጻፈም፤ ልጁ የተመለሰችውን ዶሮና የነገውን እንግዳ ራሱ ማገናኘት አለበት። ምንባቡን ያላየ ደግሞ ምንም ሊል አይችልም።

አስቸጋሪው የመልስ ቁልፉ ነው። «ዶሮዋ ለእንግዳ ስለምትታረድ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ አራሚው ቃል በቃል ያንን ይፈልጋል። እኔ ከሁለት ነጥብ እይዝና የሚፈለገውን ሐሳብ እጽፋለሁ፦ ዶሮዋና እንግዳው ከተገናኙ ሁለት፤ አገላለጹና ፊደል ግድፈቱ አይታይም። «እንግዳ ስለሚመጣ» ብቻ ካለ አንድ፤ ከምንባቡ የገለበጠው ሊሆን ይችላልና። «ልጃቸው በሰላም ስለተመለሰች» የሚል ዜሮ ነው፤ ያምራል፣ ግን እናትየው ያዩት ዶሮዋን ነው።

ከዚያ ሁሉንም ከማረሜ በፊት አስር ያህል ወረቀት አነባለሁ፤ ቁልፉ ያላሰበው መልስ ሁልጊዜ ይመጣል። አንዷ «ዶሮ ከመግዛት ስለዳኑ» ብላ ጽፋ አገኘሁ። እንግዳ የሚለው ቃል የለበትም፤ ግን እንግዳውን ሳታስብ እንዲህ ልትል አትችልም። ሁለት ሰጠኋትና መልሷን ቁልፉ ላይ ጨመርኩት።