ባዶውንም ቁጠሩት



ለመስክ ልምምድ ወደ መንዝ የወጣነው ስምንት የባዮሎጂ ተማሪዎች ነበርን። መሐል ሜዳ አድረን በማግስቱ ጓሳ ደረስን። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፤ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የጠበቀን። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ እናያለን ብለን ጓጉተን ነበር፤ የተሰጠን ሥራ ግን የጓሳ ሣርና ጥንቸል መቁጠር ሆነ።

ጓሳ ለመንዝ ሰው ተራ ሣር አይደለም። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳም ከእሱ ይሠራል። ስለዚህ ነዋሪው ቦታውን ለብዙ ዘመን በጋራ ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋና ሲደርስ ለአጨዳ ይከፈታል። ይህ ሥርዓት ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ዛሬ ጓሳ እንደገና በማኅበረሰቡ ይጠበቃል። እዚህ ቦታ ላይ «ሣሩ ይህን ያህል ነው» የሚል ቁጥር የተሳሳተ እንደሆነ ዳፋው ለሰው ጣራ ይተርፋል።

ሣሩን የምንቆጥረው በኳድራት ነበር። ኳድራት ማለት አራት ማዕዘን ክፈፍ ነው፤ የእኛው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሆኖ ከእንጨት የተሠራ ነው። መሬት ላይ ይጣልና ውስጡ ያሉት የጓሳ ጉጦች ይቆጠራሉ። በመጀመሪያው ቀን ክፈፉን «በዘፈቀደ» እየወረወርን አሥር ጊዜ ቆጠርን፤ 56 ጉጥ አገኘን፤ በአማካይ በካሬ ሜትር 5.6 ማለት ነው። ደስ ብሎን ስንጽፍ አብረውን የዋሉት የጥበቃ ሰው፣ ሸምገል ያሉ አባት፣ ዱላቸውን ተደግፈው፦

«ልጆቼ፣ ሣር ያለበትን ብቻ ነው እንዴ የምትቆጥሩት? ባዶውንስ?» አሉን።

«አባቴ፣ እኛ እኮ ዝም ብለን ነው የምንወረውረው» አልናቸው።

«ዓይናችሁ ግን ዝም አላለም» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ክፈፉን የወረወርነው ዓይናችን ወዳረፈበት፣ ሣሩ ወደበዛበት ነው። ረግረጉን፣ ድንጋያማውንና ፍልፈል የቆፈረውን መሬት ሳናውቀው አልፈነዋል። በእጅ የሚወረወር ኳድራት ዘፈቀደ ይመስላል እንጂ ሰው ነው የሚመርጠው።

በማግስቱ ከአዲስ ጀመርን። የ100 ሜትር ገመድ ቀጥ አድርገን ዘረጋን፤ ከ0 እስከ 100 የተጻፉ ዕጣዎች በኮፍያ ውስጥ አደረግን። የመጀመሪያው ዕጣ በገመዱ ላይ ስንት ሜትር እንደምንሄድ፣ ሁለተኛው ከገመዱ ወደ ጎን ስንት ሜትር እንደምንገባ ይነግረናል። የወጣው ቦታ ድንጋይም ቢሆን ክፈፉ እዚያው ያርፋል፤ «0» ተብሎም ይጻፋል። ከክፈፉ ጠርዝ ላይ ላረፈ ጉጥ ደግሞ አንድ ደንብ አወጣን፦ በላይኛውና በግራው ጠርዝ ላይ ያለው ይቆጠራል፣ በታችኛውና በቀኙ ላይ ያለው አይቆጠርም። ያለዚህ ደንብ በጠርዝ ያለ ሁሉ ወደ ውስጥ እየተሳበ ቁጥሩን ያሳብጠዋል።

ሃያ ኳድራት ቆጠርን። ሰባቱ ባዶ ነበሩ፤ በጠቅላላው 64 ጉጥ ሆነ፤ አማካዩ በካሬ ሜትር 3.2። በሄክታር ስናስበው የመጀመሪያው ቀን ሥራ 56,000 ጉጥ ይላል፣ ሁለተኛው 32,000። ሜዳው ያው ሜዳ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ባዶው ነው። ጓሳ ተጠጋግቶ በክምችት የሚበቅል ስለሆነ አንዱ ኳድራት ዘጠኝ ሲይዝ ቀጣዩ ምንም ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ በየአምስት ኳድራቱ አማካዩን እያሰላን፣ መዋዠቁን እስኪተው መቀጠል ነበረብን። በሃያኛውም ገና በደንብ አልረጋም ነበር፤ ይህንንም በሪፖርታችን ጻፍነው።

ጥንቸሉ ሌላ ጣጣ አመጣ። ጥንቸል ክፈፍ ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ በሣሩ ሥር ተጋድሞ ሰው ሲጠጋው ነው የሚፈተለከው። ለእንዲህ ያለው የመስመር ትራንሴክት ይሻላል። በኮምፓስ ቀጥ ያለ መስመር ይያዛል፣ በዝግታ ይሄዳል፣ የታየው እንስሳ ሁሉ ከመስመሩ በስንት ሜትር እንደራቀ ይለካል። ልኬቱ ከቆምንበት እስከ እንስሳው በሰያፍ የሚለካው አይደለም፤ ከእንስሳው ወደ መስመሩ በቀጥታ የሚወርደው ነው።

የመጀመሪያውን መስመር ስንጨርስ ቁጥሩ አላማረንም። ከመስመሩ እስከ 10 ሜትር ድረስ ካየናቸው ይልቅ ከ10 እስከ 20 ሜትር ያየናቸው በዙ። ይህ ሊሆን አይገባም፤ ቅርብ ያለው ከሩቁ በላይ እንጂ ባነሰ መታየት የለበትም። ምክንያቱን ስንፈልግ ሁለት ጥፋት አገኘን። አንደኛ፣ እያወራን ስለሄድን ጥንቸሎቹ ሳንደርስባቸው ይሸሹ ነበር። ሁለተኛ፣ ርቀቱን የለካነው ሮጠው ከቆሙበት እንጂ ከተነሡበት አልነበረም። ያን መስመር ሰረዝነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት ሆነን ዝም ብለን ሄድን፤ ጥንቸል ሲነሣም አንዳችን ዓይናችንን ከተነሣበት ሣር ሳንነቅል እንጠብቃለን፣ ሌላችን በሜትር እንለካለን።

በአሥር መስመር፣ በጠቅላላው 20 ኪሎ ሜትር ሄደን 30 ጥንቸል አየን። እስከ 10 ሜትር 12፣ ከ10 እስከ 20 ሜትር 9፣ ከ20 እስከ 30 ሜትር 6፣ ከ30 እስከ 40 ሜትር 3። በመስመሩ ግራና ቀኝ 40 ሜትር ከወሰድን ስፋቱ 1.6 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ 30ውን ብናካፍለው በካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 19 ይደርሳል። እንግዲህ እዚህ ላይ የሽማግሌው ጥያቄ ተመለሰ፤ ያላየናቸውስ?

መስመሮቹ በዕጣ የተያዙ ስለሆኑ ጥንቸል በአራቱም እርከን እኩል ይኖራል ብሎ መገመት ይቻላል። ቅርብ ባለው እርከን ያሉትን ሁሉ አይተን ከሆነ፣ በየእርከኑ 12 ሊኖር ይገባል፤ በጠቅላላው 48። ስለዚህ 18ቱን ሣሩ ደብቆብናል ማለት ነው። 48ን ለ1.6 ስናካፍል በካሬ ኪሎ ሜትር 30 ይሆናል። ባለሙያዎች ይህን ስሌት በለሰለሰ ኩርባ ይሠሩታል፤ ሐሳቡ ግን ይኸው ነው። ለዚህም ቢያንስ ከ60 እስከ 80 የታዩ እንስሳት ይመከራሉ፤ እኛ ያለን 30 ስለሆነ ቁጥራችንን እንደ ልምምድ እንጂ እንደ መረጃ አላቀረብነውም።

መስመሮቹ መንገድ ተከትለው እንዳይሄዱም ተጠንቅቀናል። በእግር መንገድ መሄድ ይቀላል፤ ግን እንስሳው ሰው የሚመላለስበትን ስለሚሸሽ የመንገዱን ዳር ቆጥሮ ስለ ሜዳው መናገር አይቻልም።

በመጨረሻው ቀን፣ ዙህር ሰግደን ዕቃ ስንጭን፣ አባታችን ሊሸኙን መጡ።

«እህሳ፣ ሣሩ ስንት ሆነ?» አሉን።

«በካሬ ሜትር ሦስት ገደማ፣ አባቴ። ባዶውን ጨምረን ነው።»

ትንሽ አሰቡና፦ «ቁመቱንስ ለካችሁ?» አሉ።

አልለካንም ነበር። የጉጥ ብዛት ሣሩ ለአጨዳ መድረሱን አይናገርም፤ አጭርም ረጅምም ጉጥ አንድ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። በሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ይህንንም ጨመርንበት። በቀጣዩ ዓመት የምትወጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ከክፈፉና ከዕጣው ኮፍያ ጋር ማስመሪያ መያዝ አትርሱ፤ እሳቸው ይጠይቋችኋል።